ዋናው ብር ተመልሶ ኮሚሽኑ ሳይመለስ ሲቀር፦ ለባንክ የጻፍኩት ደብዳቤ

በሞባይል ባንኪንግ ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ሲላክ አንዳንዴ ዝውውሩ ሳይሳካ ይቀራል። የተላከው ብር ተመልሶ ይገባል፤ የአገልግሎት ክፍያውና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን ተቆርጠው ሊቀሩ ይችላሉ። እነዚህ በሒሳብ መግለጫው ላይ ከዋናው ብር ተለይተው በየራሳቸው መስመር የሚመዘገቡ ስለሆኑ፣ ዋናው ሲቀለበስ አብረው ላይቀለበሱ ይችላሉ። ደሴ ላይ አቤቱታ የጻፍኩት በእንዲህ ያለ ጉዳይ ነው።

ከመጻፌ በፊት ያወጣሁት ስቴትመንት ነው፤ የስልክ መልእክት ብቻውን አይበቃም። መስመሮቹ እንዲህ ይነበቡ ነበር፦ 48,000 ወጪ፣ 60 ኮሚሽን፣ 9 ታክስ፤ ቀጥሎ 48,000 ገቢ፤ ከዚያ በድጋሚ 48,000 ወጪ፣ 60 እና 9። ገንዘቡ የደረሰው በሁለተኛው ሙከራ ነው። ስለዚህ ባንኩ ሊወስድ የሚገባው 69 ብር ሆኖ ሳለ የወሰደው 138 ነው። የምጠይቀው 69 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም ክፍያ ወይም ዋናውን ብር ጨምሮ መጠየቅ ደብዳቤውን ያዳክመዋል፤ መርማሪው አንዱ ቁጥር ልክ አለመሆኑን ካየ ሌላውንም ይጠራጠራል።

ሒሳቡ የተከፈተው ወልድያ ከሆነና ሰውየው ደሴ ከሆነ፣ ደብዳቤው ሒሳቡን ለያዘው ቅርንጫፍ ተጽፎ በአቅራቢያው ባለው ቅርንጫፍ በኩል እንዲላክለት መጠየቅ ይሻላል። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «አብሽር፣ ራሱ ይመለሳል» ሊል ይችላል። ዋናው ብር አዎ፣ ራሱ ይመለሳል። ኮሚሽኑ ግን ሰው ካላየው ሊረሳ ይችላል።

የደብዳቤው ዋና ክፍል ይህ ነው፦

«ለ… ባንክ … ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ባልተሳካ ዝውውር የተቆረጠ 69 ብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በሒሳብ ቁጥር … መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (03/10/2025) ከጠዋቱ 4፡12 በሞባይል ባንኪንግ የላክሁት 48,000 ብር ሳይሳካ ቀርቶ ወደ ሒሳቤ ተመልሷል። ሆኖም ለዚሁ ዝውውር የተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ 60 ብር እና ተጨማሪ እሴት ታክስ 9 ብር አልተመለሰም። የዝውውሩ መለያ ቁጥር FT… ነው። በዕለቱ ከጠዋቱ 4፡31 የተሳካው ዝውውር ክፍያ ትክክለኛ በመሆኑ በእሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ስለዚህ 69 ብሩ ወደዚሁ ሒሳቤ ገቢ እንዲደረግልኝና ውጤቱም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

ስምና ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር፣ ከሥር ደግሞ «አባሪ፦ 1 ገጽ የሒሳብ መግለጫ» ይጨመራል። በመግለጫው ላይ ያልተሳካውን ዝውውር የሚመለከቱትን መስመሮች በእስክሪብቶ ከብቤያቸዋለሁ።

ቀኑን በሁለት አቆጣጠር የጻፍኩት በምክንያት ነው። ስቴትመንቱ የሚታተመው በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኛ የምንጽፈው በራሳችን። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ሲስተሙ 10:12 የሚለው የእኛ 4፡12 ነው። ሠራተኛው 4፡12ን በሲስተሙ ሰዓት ፈልጎ «እንዲህ ያለ ዝውውር የለም» ቢል አይገርምም፤ ለዚህ መድኃኒቱ መለያ ቁጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ በFT ይጀምራል፤ ከስክሪኑ ወይም ከስቴትመንቱ ፊደል በፊደል መቅዳት ያስፈልጋል፣ O እና 0 በቀላሉ ይምታታሉና። የተሳካውንና ያልተሳካውን ዝውውር ቁጥሮች ማቀያየርም እዚህ ላይ ነው የሚፈጠረው፤ ትክክለኛው ቁጥር ብሩ ወጥቶ የተመለሰበት መስመር ላይ ያለው ነው።

«ዘረፋችሁኝ» የሚል ቃል አልተጠቀምኩም። ትህትና ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ ደብዳቤው ሒሳብ ለሚያጣራ ክፍል ሲተላለፍ የሚፈለገው መስመርና ቁጥር ነው።

ደብዳቤውን በ2 ቅጂ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ይቀራል፤ በሌላው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ተደርጎበት ይመለሳል። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከሌለ በኋላ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ቢባል ማስረጃ የለም። ባንኩ ዝም ካለ ወይም መልሱ ካላረካ ቀጣዩ በር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ቅሬታው ግን መጀመሪያ ለራሱ ለባንኩ መቅረቡን የሚያሳየው ይኸው ቅጂ ነው።

አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ባንኩ ታሪፉን ስለጨመረ ክፍያው ከፍ ካለ፣ ወይም ብሩ በስህተት ለሌላ ሰው ከተላከ፣ አገልግሎቱ ተሰጥቷልና ይህ ደብዳቤ አይሠራም።

ተመላሹ ሲገባ 60 እና 9 ለየብቻ ሊገቡ ይችላሉ። 60 ብቻ ከታየ ታክሱ ቀርቷል ማለት ነው፤ አዲስ ደብዳቤ ሳያስፈልግ ማኅተም ያለውን ቅጂ ይዞ ሄዶ «9 ብሩስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠኑ ደብዳቤው ውስጥ ተለይቶ ተጽፏልና።