የእናቴ ሙት ዓመትና የእኅቴ ደብተር

እናታችን ያረፈችው ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ሙት ዓመቷ ዓርብ ላይ፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ዋለ፤ ይህ አንድ ነገር ብቻ ለአራታችን ልጆቿ የወር ክርክር ሆነብን። አሁን መስከረም ገብቷል፤ ነገሩ ሳይረሳኝ እንዴት እንደነበረ ልጻፈው ብዬ ነው።

አርባዋ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ በፍስክ ስለወጣ በሬ ተጥሎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ለዚያ በሬ የተበደረውን ገንዘብ ከፍሎ የጨረሰው ግንቦት ላይ ቢሆንም፣ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አሁንም በሬ ካልታረደ ሰው ምን ይለናል ይል ጀመር። በእሱ ሐሳብ በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱን አስደርገን፣ ድግሱን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወዳለው እሑድ፣ ወደ ነሐሴ 18 እናዛውረዋለን። ውጭ አገር ያለው ታናሻችንም ገንዘቡን ቀድሞ በመላኩ የመወሰን ሥልጣን ያገኘ መስሎት ይህንኑ ደገፈ። ደብረ ብርሃን ከእናታችን ጋር እስከ መጨረሻዋ የኖረችው እኅቴ ዝም ብላ ሰማችን። የሚያርፈው በእሷ ጫንቃ ላይ መሆኑን ግን ከእሷ በቀር ያሰበ አልነበረም፤ ጸሎቱ በ9፣ ድግሱ በ18 ቢሆን ጠላው ሁለት ጊዜ ይጠመቃል፣ እንግዳውም ሁለት ጊዜ ይስተናገዳል።

ክርክሩን የቆረጡት አክስታችን ናቸው። «ቀኗ ቀኗ ነው። ጾም ላይ የሞተች ሴት ጾም ላይ ትታሰብ፤ ቄሱም ቢሆኑ የሚጠይቋችሁ ስሟን እንጂ በሬውን አይደለም» አሉ። ታላቅ ወንድሜ አልወደደውም፤ ሆኖም እሳቸውን የሚመልስበት አፍ አልነበረውም። ስለ ስም ሲነሳ ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ነገር ወጣ፤ ጸሎተ ፍትሐቱ የሚደረግበትን የእናታችንን የክርስትና ስም ከአራታችን መካከል የምታውቀው እኅቴ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወጪው መጣ። የጾም ድግስ ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች ደግሰው አያውቁም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሥጋው ይቀራል እንጂ ዘይቱና ሽንኩርቱ ይጨምራል። ለ150 ሰው አስበን ወደ 350 የሚጠጋ እንጀራ፣ ለዚያም 70 ኪሎ ያህል ጤፍ ያዝን። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ በላዩ ደግሞ ድፎ ዳቦና ጠላ ተጨመረ። ለካህናቱ የሚሰጠው፣ ዕጣኑ፣ ጧፉና ዘቢቡ ሁሉ ሲደመር 84,000 ብር መጣ። ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱንና ሰሃኑን እናታችን አባል የነበረችበት ዕድር ስለሰጠን እዚያ ላይ ያወጣነው ለተሰበሩ ብርጭቆዎች ካሳ ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሜ 84,000ውን ለአራት አካፍሎ እያንዳንዳችን 21,000 ብር እንደሚደርሰን በስልክ ነገረኝ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አልነበረም። ለጠላው የሚሆነው 50 ኪሎ ገብስ እናታችን ትታው ከሄደችው፣ እኅቴ ከምታሳርሰው መሬት የመጣ ነው። ጌሾው ከጓሮዋ ተለቅሟል፣ እንጨቱም የእሷ ነው። የእነዚህን ዋጋ ብቻ በገበያ ብናሰላው 9,000 ብር ያህል ይሆናል። ወንድሜ ይህን ስነግረው ወዲያው አመነና «እንግዲያው 12,000 ትጨምራ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራዋን ትታ ብቅል ስታበቅል፣ በርበሬ ስታስፈጭ፣ ዕድሩ ቤት ስትመላለስ የከረመችውን ሴት 12,000 ብር አምጪ ማለት ለእኔ የሚዋጥ አልሆነልኝም። ድካሟን በብር እንተምነው ብልም እሷው ራሷ ትቀየመኛለች። ስለዚህ እሷ በዓይነት ያዋጣችውን እንደ ሙሉ ድርሻዋ ቆጥረን፣ የቀረውን 75,000 ብር ሦስታችን 25,000 እንድናዋጣ ተስማማን። ታላቅ ወንድሜ የሦስት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ስለተደራረበበት 15,000ውን ሰጠ፤ የቀረውን 10,000 እስከ መስከረም ብዬ እኔ ሸፈንኩለት። ይህን ታናሻችን እንዳይሰማ ለምኖኝ ነበር፤ አልሰማም።

እኔ ደብረ ብርሃን የደረስኩት ነሐሴ 2 ቀን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢርቅም ክረምቱ ሌላ አገር ነው፤ ከተማው 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ ነሐሴ ላይ ብርዱ ቤት ውስጥም ይከተላል። ይህ ብርድ ደግሞ የጠላ ጠላት ነው። እኅቴ ይህን ስለምታውቅ ጥንስሱን ቀደም ብላ ሐምሌ 24 ቀን ጀምራዋለች። ጌሾውን በውሃ ዘፍዝፋ፣ ብቅሉንና ቂጣውን ቀላቅላ ካቆየች በኋላ አሻሮውን ጨምራ ደፍድፋው ነበር። በሞቃት ጊዜ በጥቂት ቀናት የሚብላላው ድፍድፍ ግን እኔ ስደርስ ገና ድምፁን እንኳ አላሰማም። አክስታችን ክዳኑን ሳይከፍቱ ጆሯቸውን በጋኑ ሆድ ላይ ደግፈው ትንሽ ቆዩና «ተኝቷል» አሉ። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ከወይራው ጢስ ሽታ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። ጋኑን ወደ ምድጃው አስጠግተን በእናታችን ጋቢ ጠቀለልነው። ጋቢው ከሞተች ጀምሮ ሳይነካ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነበር፤ ያወጣችው እኅቴ ናት፤ ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ጆሮዬን ስደግፍ፣ ከሩቅ የሚመጣ የዝናብ ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ነሐሴ 7 ቀን ድፍድፉ ወደ ታች ዘቅጦ ላዩ ስለጠራ ውሃ ተጨመረበት፤ ለዕለቱም ደረሰ፤ እርግጥ ከወትሮው ትንሽ ቀጠን ያለ ነበር።

በፍልሰታ የሥራ ቀናት ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ በመሆኑ፣ ጸሎቱ ተፈጽሞ ሰው ወደ ቤት የመጣው 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ቀድመን ባናስብ ኖሮ እንደ ሌላው ድግስ ወጡን ከረፋዱ አድርሰን እናበላሸው ነበር። ካህናቱ ጸበሉን ጸዲቁን ባረኩ፤ ቀድመው ከውጭ የተቀመጡት ነዳያን በሉ፤ ከዚያ ዕድርተኛው፣ ከዚያ ዘመድ። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ይሰማ ስለነበር ንግግር አልበዛም። ታላቅ ወንድሜ በሬ አለመታረዱን እስከ ማታ ረስቶት ነበር መሰለኝ፤ ቢያንስ ምስሩን ሁለት ጊዜ አስጨምሯል።

እኔ ግን ሁሉን ከማስታወሴ በፊት የማስታውሰው ዋዜማውን ነው። ሐሙስ ማታ የጎረቤት ሴቶች ነጠላ የለበሰ ሞሰብ ተሸክመው አንድ በአንድ መጡ። ከ11 ቤት 20፣ 20 እንጀራ ገባ፤ አንዳንዶቹም ድፎ ወይም በጀሪካን ጠላ ጨመሩ። እኅቴ በር ላይ ተቀምጣ በልጇ የደብተር ቅጠል ላይ ትጽፋለች። እኔ ያሰብኩት ማን እንዳመጣ ለምስጋና እንደምትመዘግብ ነበር። ኋላ ሳየው ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው። በአንደኛው ያሉት 5 ቤቶች እናታችን በሕይወት ሳለች ለእነሱ ሐዘን ወይም ሰርግ ያደረሰችውን የመለሱ ናቸው። በሁለተኛው ያሉት 6 ቤቶች ግን አዲስ አበዳሪዎች ናቸው፤ ነገ በእነሱ ቤት ተዝካር ወይም ሰርግ ሲኖር 20 እንጀራ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ይጠበቃል። ያ ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

220 እንጀራ ከጎረቤት ስለመጣ እኛ መጋገር የነበረብን 130 ብቻ ሆነ። እኅቴ ሴቶቹ ይዘው እንደሚመጡ ስለገመተች ከጤፉ ገሚሱን ሳታስፈጭ አቆይታው ነበር፤ እሱን ሸጠን፣ ሌላውንም ትርፍ ደምረን ቅዳሜ ሒሳቡን ስናወራርድ 7,500 ብር ተረፈ። ታላቅ ወንድሜ ደስ ብሎት «ለሦስታችን 2,500፣ 2,500 ይመለስልናላ» አለ። በእርግጥ ያዋጣነው እኛ ስለሆንን አነጋገሩ ነውር የለበትም። ገንዘቡ የተረፈው ግን ስድስት ሴቶች ለእኅቴ ስላበደሯት ነው፤ እኛ ተካፍለነው ብንሄድ እኛ ያተረፍነውን እሷ ለዓመታት ስትከፍል ትኖራለች። ይህን ስናገር ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ አክስታችንም ቀና ብለው አዩኝ። ወንድሜ ደብተሩን ተቀብሎ ሁለተኛውን ዓምድ በጣቱ እየነካ ቆጠረው። ከዚያ ብሩን አጣጥፎ በደብተሩ መሐል አስገባና ለእኅቴ መለሰላት። እሷ አልቀበልም አለች፤ ሦስት ጊዜ ከተግደረደረች በኋላ ተቀበለች።

የሐውልቱን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አስተላልፈነዋል። ታናሻችን እብነ በረድ ይሁን ብሎ ፎቶ ልኳል፤ ለጊዜው ዝም ብለነዋል።

ወንድሜ 10,000ውን ትናንት ላከልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለእኅቴ ስደውል እንደልቧ ልታወራኝ አልቻለችም፤ ከስድስቱ ቤት የአንደኛዋ ባል አርባ ነገ በመሆኑ ምጣዱ ላይ ነበረች። ስንት እንደደረሰች ጠየቅኳት። «አሥራ ሰባት» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።