የማክሰኞው እንጀራ

የሠራተኛችን የሙከራ ጊዜ ነገ ያበቃል። ደላላው ሲያመጣት «ሦስት ወር እያት፣ ካልተስማማችሽ እቀይርልሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ስለ ዕቃ የሚያወራ ነው የሚመስለው። እሷ ግን ምን እንደሚጠበቅባት የማወቅ መብት አላት። በመጀመሪያው ሳምንት ነግሬያታለሁ፤ ነገ ደግሞ ቁጭ ብለን እንዴት እንደሆነልን እናወራለን። ከዚያ በፊት ለራሴ ልጻፈው። ንዴት ካለኝ እዚህ ደብተር ላይ ይቅር።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሌላም ነገር አለ። የእኔና የእሷ ውል የቃል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ እንዲወስን ነው የተወው። ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም ሠራተኛው ከአሠሪው ቤት የሚኖር ከሆነ አሠሪው ለማደሪያው፣ ለምግቡ፣ ለሥራና ለዕረፍት ሰዓቱ እንዲያስብለት ይላል። «እንዲያስብለት» ሲባል ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን እኛው ካልተነጋገርን ማንም አይነግረንም።

ስለ ልጆቹ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ይወዷታል፣ ታናሹ ያለ እሷ አይበላም። በር ላይ ጎበዝ ናት፤ «የመብራት ቆጣሪ ላንብብ» ያለውን ሰውዬ እንኳ እኔ ጋ ሳትደውል አላስገባችም። ሁለት ብርጭቆ ሰብራለች፤ ብርጭቆ ይሰበራል። ከደሞዝ መቁረጥ የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያው አልወደውም። የተቆረጠባት ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ስብርባሪውን ትደብቃለች፣ ልጅ ይረግጠዋል።

ዋናው ጉዳይ እንጀራው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግራለች፣ ማክሰኞና ቅዳሜ። ባለቤቴ «እንጀራ አትችልም» ብሎ ደምድሟል። እኔ ግን ለጥቂት ሳምንታት ዝም ብዬ እያየሁ ነበር። የቅዳሜው እንጀራ ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሲጠቀለል የማይሰነጠቅ ነው። የማክሰኞው ድፍን ነው። ዓይኑ እዚህም እዚያም ብቻ ነው፣ መሀሉ ይወፍራል፣ በማግስቱ ይፈረፈራል። ጤፉ አንድ ነው፣ ምጣዱ አንድ ነው፣ የምታቦካውም እሷው ናት። አንድ እጅ ቅዳሜ ችሎ ማክሰኞ አይችልም ማለት ችግሩ ሙያ አይደለም።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ። ኃይል ሲቀንስ ምጣዱ በደንብ አይግልም፣ ያልጋለ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ደግሞ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ግን እኛ ሰፈር መብራቱ የሚደክመው ማታ ነው፣ እሷ የምትጋግረው ከሰዓት። አክምባሎውን ቸኩላ ትከድን እንደሆነም ቆሜ አየሁ። አትቸኩልም፤ ዓይኑ እስኪወጣ ትጠብቃለች። የቀረኝ አብሲቱ ነው። ከቦካው ሊጥ ቀንሳ በፈላ ውሃ አብሲት ትጥላለች፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ሊጡ ትመልሰዋለች። ከዚያ ሊጡ ኩፍ እስኪል ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ትመልሰውና ቤት ስታጸዳ ይቆያል። ማክሰኞ ግን የሳምንቱ ልብስ አለ። አጥባ ስትጨርስ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ አብሲቱ ያኔ ይጣላል፣ አሥር ተኩል ላይ ለማታ ትምህርት መውጣት አለባት። መቼ ኩፍ ይላል?

ይህ ግምቴ ነው። ስለዚህ ነገ የምጠይቃት እንጂ የምፈርድባት አይደለም።

ሌላ ለራሴ ማስታወሻ፦ ደሞዝ ቀን አላወራትም። ደሞዝ ተይዞ የሚነገር ነገር ሁሉ ማስፈራሪያ ነው የሚመስለው። ምጣድ ላይ እያለችም አይሆንም፣ ልጆቹ ፊትም አይሆንም። ከቡና በኋላ ይሻላል፣ ሁለታችንም ቁጭ ብለን።

ደግሞ «እሺ እትዬ» የምትለዋን እንደ መልስ አልቆጥራትም። አንገቷን ደፍታ «እሺ» ስትል አክብራኝ ነው እንጂ ገብቷት ላይሆን ይችላል። የገባት መሆኑን የማውቀው በራሷ አፍ መልሳ ስትነግረኝ ወይም ስታሳየኝ ነው።

በማግስቱ ማታ

አወራን። ከጥሩው ጀመርኩ፤ ለማለሳለስ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ። በር ላይ ያደረገችውን፣ ለታናሹ ያላትን ትዕግሥት፣ ያየሁትን እየጠቀስኩ ነገርኳት። «ጎበዝ ነሽ» ብቻ ቢባል ምኑን እንደሚደግሙት አይታወቅም።

ከዚያ «የኔ እናት፣ የቅዳሜው እንጀራሽ ዓይኑ በጣም ያምራል። የማክሰኞው ግን ድፍን ይሆናል። ምንድን ነው የሚለያያቸው?» አልኳት።

ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ከባድ ነው፣ ግን እኔ ከሞላሁት የምሰማው የራሴን መልስ ነው።

«ሊጡ እንዳልደረሰ እያየሁ ነው የምጋግረው» አለች በመጨረሻ። «ትምህርት ይረፍድብኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከትምህርቱ የሚያስቀሩኝ መስሎኝ ነዋ፣ እትዬ።»

ይህን ደብተሬ ላይ አልገመትኩትም ነበር። የቀድሞ አሠሪዋ ሥራ በጎደለ ቁጥር የምትቀንሰው ከትምህርቷ ነበር። ስለዚህ ተምራለች፦ ሥራው ቢበላሽም ከሰዓቱ ጋር እንዳይያያዝ ማድረግ። እናቴ ብትሰማ «ሠራተኛን ፊት ከሰጧት...» ብላ ትጀምር ነበር። ይህቺ ልጅ ግን ፊት አላበዛችም፤ ፈርታ ነው ዝም ያለችው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህንን አጠራሁት። ትምህርቷ ቅጣት አይደለም፣ ሽልማትም አይደለም። ስትቀጠር የተስማማንበት ነው፣ ሥራ ቢጎድልም አይነካም። ከዚያ ሰዓቱን አብረን አደላደልነው። ማክሰኞ ልብስ የለም፣ ወደ ረቡዕ ሄዷል። ማክሰኞ ቁርስ እንደተነሳ አብሲት፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣድ። መብራት ከጠፋ ትደውልልኛለች፣ ስመለስ ከሱቅ እንጀራ እገዛለሁ፤ ትምህርቷን ትታ መብራት አትጠብቅም።

«እስኪ አንቺ ንገሪኝ፣ ማክሰኞ እንዴት ነው የምታደርጊው?» አልኳት። ደገመችልኝ፣ አንድ ነገርም ጨመረች። ብርድ ሲሆን ሊጡ ቶሎ አይነሳም፣ ስለዚህ በክረምት አብሲቱን ከቁርስ በፊት ብትጥለው ይሻላል። ልክ ናት።

የጨመርኩት አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳላለሳልስ ነው የተናገርኩት። ውጭ ስትሆን ታናሹን እጁን ይዛ ስልክ አታወራም። መንገድ ስትሻገር አይቻታለሁ። ይህ እንደ እንጀራው የምንመካከርበት አይደለም። «ስልኩ ይጥራ፣ ግቢ ስትገቢ ትደውያለሽ» አልኳት። ፊቷ ቀላ። አላባበልኳትም፣ አልደጋገምኩትምም።

በመጨረሻ «አንቺስ ከእኛ ምን ይጎድልብሻል?» ስላት ቶሎ «ምንም የለም» አለች። ጠበቅኩ። ቡናው ተነሳ፣ ስኒዎቹን ስትሰበስብ ቆማ ተናገረች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትነሳለች፣ ማታ ደግሞ ከትምህርት መጥታ የራት ዕቃ ስታጥብ አምስት ሰዓት ያልፋል። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋታል።

ተስማማን። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተነሳ ዕቃ ማታ አይታጠብም፣ ጠዋት ይደርሳል። ዘግይቶ የመጣ ሰውም ራቱን ራሱ ያሞቃል።

እኛ ቤት ዘግይቶ የሚመጣው አንድ ሰው ነው። ገና አልሰማም።