የ5ኛ ሳምንት ማስታወሻ፦ ያመለጠኝ ክፍልና ለመምህሩ የጻፍኩት መልእክት

የኤስኪውኤል ኮርሴ 5ኛ ሳምንት ላይ ደርሷል። ማክሰኞ ማታ የነበረው ክፍል አመለጠኝ። እንደኔ ከከተማው ዳር ሆናችሁ የምትማሩ ስላላችሁ ለመምህሩ እንዴት እንዳስረዳሁት ልንገራችሁ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ክፍሉ በዙም ነው የሚሰጠው፣ የሚጀመረው ከምሽቱ 2:00 ላይ ነው። 2:10 ሲሆን ዝናቡ በረታና መብራት ሄደ። ላፕቶፔ ቻርጅ ነበረው፤ ራውተሩ ሲጠፋ ግን ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ወዲያው የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ተመለስኩ። ትንሽ ሠራ። ከዚያ የመምህሩ ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር፣ ስላይዱ ባለበት ቆመ። እንደገና ገባሁ፣ እንደገና ወጣሁ። 2:35 ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስወጣኝ ተውኩት።

ሰፈራችን እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ ይጠቀም የነበረው ሰው ሁሉ በአንዴ ወደ ስልክ ዳታ ይዞራል፣ ስለዚህ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ እያለ እንኳን ዳታው አይንቀሳቀስም። ይህ መጨናነቅ ነው። መብራቱ ሳይመጣ ሲቆይ ደግሞ የኔትወርክ ማማው መጠባበቂያ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል፣ ያኔ ሲግናሉ ራሱ ይወርዳል። ስልኩ ከ4G ወደ E ከወረደ ዙም አይታሰብም። ለመምህሩ በቴሌግራም የጻፍኩት የሰዓት ምልክቱን ይዞ አልሄድ ሲል ለክፍል ጓደኛዬ ተራ ኤስኤምኤስ ላክሁ፤ «መብራት ጠፍቶብኝ ነው የወጣሁት፣ ለመምህር ንገሪልኝ» አልኳት። ኤስኤምኤስ ዳታ ስለማይፈልግ ደረሳት።

ጠዋት መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «መምህር፣ ትናንት መብራትና ኔትወርክ አስቸግሮኝ መግባት አልቻልኩም፣ በጣም ይቅርታ።» ሳልልከው ደግሜ አነበብኩት። ገብቼ ነበር እኮ! አልገባሁም ማለት ልክ አይደለም። ደግሞ መምህሩ ይህን አንብቦ ምን እንዳመለጠኝም ሆነ ምን እንደምፈልግ ማወቅ አይችልም። አጠፋሁትና ይህን ላክሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ግን ማታ 2:10 (8:10 PM) ላይ መብራት ጠፋ። በስልክ ዳታ ደጋግሜ ሞክሬ 2:35 (8:35 PM) ላይ ሙሉ በሙሉ ወጣሁ። INNER JOIN ላይ የተናገሩትን ሰምቻለሁ፣ ከ LEFT JOIN ጀምሮ ያለው አምልጦኛል። ስላይዱን ካገኘሁ ዛሬ አነበዋለሁ። ቅጂው ካለ ቪዲዮው ለዳታዬ ስለሚከብድ ድምፁን ብቻ ቢልኩልኝ ይበቃኛል። የቤት ሥራውን እስከ ዓርብ ማታ ላስረክብ ይፈቀድልኛል?»

ሰዓቱን በሁለት መንገድ የጻፍኩት ምክንያት አለኝ። ዙም ክፍሉን ለሚያስተናግደው መምህር ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ የሚያሳይ ዝርዝር ይሰጣል፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2:10 ብቻ ብዬ ብጽፍ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ያስቸግረዋል። የኔ መግባትና መውጣት እዚያ ላይ ስላለ የጠፋውን መብራት ፎቶ አንስቼ መላክ አላስፈለገኝም። ድምፁን ለብቻ የጠየቅኩት ደግሞ ዙም ሲቀዳ ከቪዲዮው ሌላ የድምፅ ፋይል ለብቻው ማስቀመጥ ስለሚችል ነው፤ ከቪዲዮው በጣም ይቀላል፣ በደካማ ኔትወርክም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስላይዱን እያዩ ማዳመጥ ለኮድ ትምህርት ሙሉ አይደለም፣ መምህሩ ስክሪኑ ላይ እየጻፈ «ይሄን እዩት» ሲል አይታይም። እነዚያን ቦታዎች ደቂቃቸውን ጽፌ ከጓደኛዬ ማስታወሻ ጋር አመሳከርኳቸው።

መምህሩ ከሰዓት በኋላ መለሰልኝ። «ዝርዝሩ ላይ አይቼዋለሁ፣ ሦስቴ ገብተሽ ወጥተሻል። እስከ ዓርብ ይቻላል፣ ያልገባሽን ጻፊልኝ» አለኝ። ስላይዱንና ድምፁንም ላከልኝ።

ሐሙስ ማታ የቤት ሥራው ላይ ተጣበቅኩ። የሁሉንም ደንበኞች ስም፣ ከ100 ብር በላይ የከፈሉትን ደግሞ ከነክፍያቸው ማውጣት ነበረብኝ። LEFT JOIN ተጠቅሜም ምንም ያልከፈሉት ይጠፉብኛል። ጥያቄዬን ከኮዱ ጋር ላክሁለት፦

```sql
SELECT d.name, k.amount
FROM denbegna d
LEFT JOIN kifya k ON k.denbegna_id = d.id
WHERE k.amount > 100;
```

ያልከፈለ ሰው amount ላይ NULL ነው ያለው፣ NULL ደግሞ ከ100 ይበልጣል ስለማይባል WHERE ያስወጣዋል ብሎ አስረዳኝ። ሁኔታውን ከ WHERE አንስቼ ON ላይ በ AND ስጨምረው ሁሉም ስሞች ወጡ። ዓርብ ከምሽቱ 1:00 ላይ አስረከብኩ።