አዲሱ ቆጣሪ ይበላል? በምጣድና በስልክ ሰዓት ያጣራሁት

የምንኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ መብራትም ማታ ማታ ይደክማል። ሠራተኞች መጥተው የድሮውን ባለ ዲስክ ቆጣሪ ነቅለው ስማርት ቆጣሪ ሲተክሉልን ደስ ብሎን ነበር። ደስታው የቆየው የመጀመሪያው ሙሉ ወር ቢል እስኪመጣ ነው። ድሮ ወደ 210 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣብን የነበረው 385 ሆኖ መጣ።

ጎረቤታችን እትዬ ወዲያው ፈረዱ። «ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ቆጣሪ ይበላል። የኔንም እንዲሁ አድርጎታል።» ባለቤቴም በዚሁ አመነች። እኔም ግማሽ በግማሽ አምኜ ነበር። ግን ቅሬታ ይዤ ቢሮ ከመሄዴ በፊት ራሴ ላጣራው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጠፋሁና ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ኃይል ባለፈ ቁጥር ብልጭ ትላለች። ከጎኗ 1000 imp/kWh የሚል ጽሑፍ አለ፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲሞላ አንድ ሺህ ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። ቁጥሩ በሌላ ቆጣሪ 1600 ወይም ሌላ ሊሆን ስለሚችል የራስን ማንበብ ያስፈልጋል። ብሬከሩ ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። አንድም ጊዜ ብልጭ አላለችም። ስለዚህ ቆጣሪው ባዶውን አይቆጥርም፤ በእሱና በብሬከሩ መሃል ገመድ የጠለፈብኝ ሰውም የለም። ብሬከር ጠፍቶም ብልጭታው ከቀጠለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ኤሌክትሪሻን ሳይሆን የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ራሱን መጥራት ነው።

ቀጥሎ ምጣዱ። ምጣድ ለዚህ ሥራ የሚመች ዕቃ ነው። ብዙ ኃይል ይስባል፤ ውስጡ ሽቦ ብቻ ስለሆነ አሳሳቡ አይቀያየርም። ሌላውን ሁሉ ከሶኬት ነቅዬ ምጣዱን ብቻ ለኮስኩ። የስልኬን ሰዓት ይዤ 50 ብልጭታ ቆጠርኩ። 69 ሴኮንድ ወሰደ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦

```
kW = 3600 × ብልጭታ ÷ (ሴኮንድ × imp/kWh)
3600 × 50 ÷ (69 × 1000) = 2.61
```

የምጣዱ ጀርባ ላይ ግን 3500 ዋት ይላል። ደነገጥኩ። እንዲህ ከሆነማ ቆጣሪው የሚቆጥረው አሳንሶ ነው! መልሱን ያገኘሁት የቆጣሪውን ቁልፍ ስጫን ነው። በተጫንኩ ቁጥር ስክሪኑ ሌላ ቁጥር ያሳያል፤ እያንዳንዱም ኮድ አለው። 1.8.0 እስካሁን የፈጀነው ጠቅላላ ኃይል ነው። 32.7.0 ቮልቴጅ ነው። በዚያች ሰዓት ቮልቴጁ 190 ነበር። ምጣዱ የተሠራው ለ220 ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ የምጣድ ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይወርዳል፦

```
3.5 × (190 ÷ 220)² = 2.61
```

ልክ ገጠመ። ማታ ማታ እንጀራው አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው፤ ምጣዱ ከአራት እጅ ሦስቱን ብቻ ነው የሚሠራው።

ይህ ሙከራ የማያሳየውም ነገር አለ። እንዲህ ዓይነት የቤት ቆጣሪ ላይ በብዛት የሚጻፈው ደረጃ 1 ስህተቱ ከሞላ ጎደል ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ያዛል። የምጣድ ዋት ግን ራሱ ከተጻፈው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የያዝኩት ዘዴ ትልቅ ስህተትን ነው የሚይዘው፤ ትንሿን የሚለየው አገልግሎቱ በሌላ ትክክለኛ መለኪያ ጎን ለጎን ሲፈትነው ነው። የስክሪኑን ቮልትና አምፔር ማባዛትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቆጣሪው ለራሱ ሲመሰክር ነውና። እኔ የሰፈሩን ኤሌክትሪሻን ለምኜ፣ ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካ ክላምፕ ሜትር አስለካሁ። የሱ 13.8 አምፔር አለ፤ የቆጣሪው 31.7.0 ደግሞ 13.7።

አንድ እውነተኛ የጥርጣሬ ምክንያት ግን አለ። በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በተሰማ ጥናት በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘጠኝ ዲጂታል ቆጣሪዎችን ሲፈትኑ አምስቱ አብዝተው ቆጠሩ። የከፋው 582 ከመቶ አብዝቷል። ያንን ያመጣው ብርሃን መቀነሻ የተገጠመላቸው ቆጣቢና ኤልኢዲ አምፖሎች የሚፈጥሩት የተቆራረጠ አሳሳብ ነው። የምጣድ ሙከራ ይህን ዓይነቱን ስህተት አይይዝም፤ የምጣድ አሳሳብ ንጹህ ነው። እኛ ቤት ብርሃን መቀነሻ የለም፤ አምፖሎቻችን ሁሉ አንድ ላይ ቢበሩም ከመቶ ዋት አይዘሉም። ስለዚህ 175 ኪሎዋት ሰዓት ከዚያ ሊመጣ አይችልም።

ታዲያ ከየት መጣ? ቢሮ ሄጄ ቆጣሪው በየግማሽ ሰዓቱ የመዘገበው እንዲታተምልኝ ጠየቅኩ። ብዙ ሰው ስማርት ቆጣሪ በወር አንድ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል። የእኛው ግን በየ30 ደቂቃው የፈጀነውን እየቆረጠ ያስቀምጣል፤ የብዙ ሳምንቱንም ይይዛል። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት፣ ክዳኑ የተከፈተ እንደሆነም ይመዘግባል።

ወረቀቱን መጀመሪያ አሳስቼ ነበር ያነበብኩት። ሰዓቱ በፈረንጅ ነው። 02:30 የሚለው ከሌሊቱ 8፡30 ነው። ያ ከገባኝ በኋላ ጣቴን መስመር በመስመር አወረድኩ። ሁላችን በተኛንበት ሌሊት እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት 0.15 ይላል። ፍሪጃችን ብቻውን ይህን ያህል አይወስድም። ይባስ ብሎ ለቅሶ ሀገር ቤት ሄደን ቤቱን የዘጋንባቸው ሦስት ቀናት አሉ። ሰው በሌለበት ቤት፣ ቀንም ሌሊትም፣ 0.15፣ 0.15፣ 0.15።

ቤት ስገባ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አጠፋሁና ብልጭታውን አየሁ። የውሃ ፓምፑን ሳጠፋ ጸጥ አለ። ፓምፑ ከመሬት ታንከር ውሃ ወደ ቤት የሚገፋው ነው፤ ጓሮ ስለሆነ ድምፁን ለምደነዋል። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ አርጅቷል። የተገፋው ውሃ ተመልሶ ታንከር ይገባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፓምፑ እንደገና ይነሳል። አንድ ጠብታ ውሃ ስለማይባክን ማንም አላስተዋለም። ፓምፑ ሲጠፋ ግማሽ ሰዓቱ 0.03 ሆነ። ልዩነቱ 0.12 ነው። በቀን 48 ግማሽ ሰዓት፣ በወር 30 ቀን፤ 172.8 ኪሎዋት ሰዓት። ቫልቩ ተቀየረና ቀጣዩ ወር 216 መጣ።

ድሮስ ለምን አልታየም? በራችን ዝግ ስለሚሆን ቆጣሪ አንባቢው ብዙ ወር ሳይገባ ይመለስና ቢሉ በግምት ይሠራ ነበር። ግምት ጉዳትም አለው። የብዙ ወር ፍጆታ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ዋጋው ከፍ ወዳለው እርከን ሊገፋ ይችላል። ቆጣሪ ሲቀየር የድሮውን የመጨረሻ ቁጥርና የአዲሱን መነሻ ፎቶ ያነሳሁት ለዚህ ነበር፤ የቅያሬውን ወር ቢል ያመሳከርኩት በሱ ነው።

እትዬ ሌላም ስጋት ነበራቸው። «ኔትወርክ ሲቋረጥ ቁጥሩ ይዘላል ይላሉ።» የመጣው ቴክኒሻን ሲያስረዳን የእኛ ቆጣሪ የሚናገረው በራሱ በመብራት ገመዱ ላይ ነው። መልእክቱ ትራንስፎርመሩ ጋ ወደ ተሰቀለው ሰብሳቢ ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኑ የሰፈሩን ሁሉ ሰብስቦ እንደ ስልክ ሲም ካርድ ባለው መስመር ወደ ማዕከሉ ይልካል። በሌላ ሰፈር ቆጣሪው ራሱ ሲም ካርድ ይኖረዋል። ትራንስፎርመሩ ከራቀ ወይም አጠገብ የብየዳ ቤት ካለ መልእክቱ በገመዱ ላይ ይረበሻል፤ አንዳንድ ቀን አይደርስም። ሳይደርስ ሲቀር ግን የሚጠፋም የሚደገምም የለም፤ 1.8.0 ወደፊት ብቻ የሚሄድ ድምር ነው። ቢሉ ላይ ያለው ንባብ በዚያ ቀን ከስክሪኑ ቁጥር ከበለጠ ችግር አለ። እኔ ወር በገባ ቁጥር ስክሪኑን ፎቶ አነሳለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ ሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ያዳነኝ ወረቀት ራሱ ነው። ቢሮ ውስጥ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሠራተኛዋ ሉሁን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ በቅንነት፣ «ማክሰኞና ቅዳሜ ትጋግራላችሁ ማለት ነው» አለችኝ። 1.3 የሚሉትን መስመሮች አይታ ነው። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሰሙ። እሷ ምጣዱን ባየችበት ወረቀት ሌላ ሰው ስንት ሰዓት እንደምንተኛ ያያል። ቤታችን ባዶ የነበረባቸውንም ሦስት ቀናት ያያል።

ሰዎች እንደሚፈሩት ቆጣሪው ድምፅ አይቀዳም፤ ማይክሮፎን የለውም። ግማሽ ሰዓታዊ መዝገብ የትኛውን ቻናል እንደምናይ አይናገርም። በመንገድ ላይ ያለውም መልእክት እንዲህ ዓይነት ቆጣሪዎች በሚጠቀሙበት ዲኤልኤምኤስ በሚባለው ደንብ ሊመሰጠር ይችላል። የኔ ስጋት መዝገቡን መጨረሻ ላይ የሚከፍተው እጅ ነው። እኛ የምንከፍለው በወር ጠቅላላ ድምር ነው፤ ለዚያ አንድ ቁጥር ይበቃል። ግማሽ ሰዓቱ ለሂሳቡ የሚያስፈልገው ዋጋው እንደ ሰዓቱ ሲለያይ ነው። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የኔዘርላንድስ ሴኔት ስማርት ቆጣሪ በግዴታ እንዲተከል የቀረበውን ሕግ ያልተቀበለው በዚሁ በግል ሕይወት ጉዳይ ነበር። እኛም ጋ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። እሱን ጠቅሼ ዝርዝሩን ማን ማን እንደሚያይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ጠይቄ አስገብቻለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ወረቀቱን ግን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። የቫልቩ ሠራተኛ ሲገባ ቀና ብሎ ሲያየው አየሁ። ሲወጣ አንስቼ ከካርታው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።