አንገቴ ላይ ያለው ክር

ፓቲያላ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ፓቲያላ በህንድ ፑንጃብ ግዛት ያለች ከተማ ናት። ለትምህርት የመጣን ሐበሾች እዚህ ጥቂት አይደለንም። የተከራየሁት ክፍል ጣሪያ ላይ ነው፤ ከታች ባለቤቶቹ ይኖራሉ። ሽማግሌውን ሰፈሩ በሙሉ "ባባ ጂ" ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። እሳቸው ደግሞ "ፑተር" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ዛሬ እሁድ ነው። ባባ ጂ ፀጉራቸውን ታጥበው ፀሐይ ሊያስመቱት ወደ ጣሪያው ወጡ። ሃይማኖታቸው ሲክ ነው፤ ያለ ጥምጣም ሳያቸው ሁልጊዜ ትንሽ ይገርመኛል። ነጭ ፀጉራቸው እስከ ወገባቸው ይወርዳል። ተወልደው እስከ ዛሬ መቀስ አልነካውም። እኔ በካኒቴራ ሆኜ ልብስ አጥባለሁ። አንገቴን አዩና "ይሄ ክር ምንድን ነው?" አሉኝ።

ማተብ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛም በተሰባበረ ሂንዲም ማስረዳት ቀላል አይደለም። ስጠመቅ የታሰረልኝ ነው፣ ክርስቲያን መሆኔን ያሳያል፣ በኛ አገር ቃሉን የሚያጥፍ ሰው "ማተቡን በጠሰ" ይባላል አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ሳቅ አሉና፣ "የኛ ባባ ናናክ እኮ ክር አላስርም ብለው ነው የጀመሩት" አሉኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሲክ ሃይማኖት መሥራችና የመጀመሪያው ጉሩ ናናክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1469 ታልዋንዲ በምትባል መንደር ተወለዱ። ዛሬ ናንካና ሳሂብ ትባላለች፣ ያለችውም ፓኪስታን ውስጥ ነው። ቤተሰባቸው ሂንዱ ነበር። በወጉ መሠረት የእሳቸው ዓይነት ወገን ልጅ ሲያድግ ቄሱ ይጠራና "ጃኔኡ" የሚባለውን የጥጥ ክር ከትከሻው ወደ ጎኑ አሻግሮ ያስርለታል። ዘመድ ተሰብስቧል፣ ድግሱ ተደግሷል። ልጁ ግን እንቢ አለ። ይህ ክር ይቆሽሻል፣ ይበጠሳል፣ ሰውየው ሲሞት ክሩ ይወድቅና ነፍሱ ያለ ክር ትሄዳለች አለ። ጥጡ ርኅራኄ፣ ፈትሉ በቃኝ ማለት፣ ቋጠሮው ራስን መግዛት፣ ማክረሪያው እውነት የሆነ ክር ካለህ እሱን እሰርልኝ አለው። ግጥሙ ዛሬም በቅዱስ መጽሐፋቸው በጉሩ ግራንት ሳሂብ ውስጥ አለ።

እውነቱን ልናገርና ትንሽ ከነከነኝ። እጄ ሳይታወቀኝ ማተቤ ላይ ሄደ። ግን ደግሞ ባባ ጂን አየኋቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ የብረት አምባር አለ። በትከሻቸው በዞረ ማንገቻ ትንሽ ጩቤ ከነሰገባዋ ተንጠልጥላለች። ጭናቸው ላይ የእንጨት ማበጠሪያ ተቀምጧል። "ታዲያ ባባ ጂ፣ ናናክ አንዲት ክር እንቢ ብለው እርስዎ እምነታችሁ ያዘዛቸውን አምስት ነገሮች ይዘው ይዞራሉ?" አልኳቸው። አነጋገሬ ድፍረት እንዳለበት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አልተቆጡም። ይልቅስ በእርጥብ ጣታቸው ሲሚንቶው ላይ ምልክት ጻፉ። ሁሉም ጉርድዋራ፣ ማለትም ጸሎት ቤታቸው፣ ላይ ያለው ምልክት ነው። "ኢክ ኦንካር" ይባላል። መጽሐፋቸው 1430 ገጽ ሲሆን የሚከፈተው በዚህ ነው። ለካ የመጀመሪያው ፊደል አይደለም፣ ቁጥር ነው፤ አንድ። አንድ የሚለው ቃል በፊደል አልተጻፈም፣ አኃዙ ተቀመጠ። ቃል እንደ ተርጓሚው ይሄዳል፣ አንድ ቁጥር ግን አንድ ነው ይላሉ ባባ ጂ። እኔም የኛ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ፩ አምላክ" ሲሉ እነሱም አኃዙን ነው የሚጽፉት። ሲሚንቶው ላይ ፩ን ጻፍኩላቸው። ደስ አላቸው።

መመሳሰሉ ግን እዚያው ላይ ቆመ። ከቁጥሩ ቀጥለው የሚመጡት ቃላት እግዚአብሔርን ይገልጻሉ። ስሙ እውነት ነው፣ ፈጣሪ ነው፣ ፍርሃት የለበትም፣ ጠላትነት የለበትም፣ ዘመን አይቆጠርለትም፣ አይወለድም፣ በራሱ ያለ ነው፣ የሚታወቀውም በጉሩ ጸጋ ነው። "አይወለድም" የምትለዋ ላይ ዝም አልኩ። ገናን በጾምና በቅዳሴ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ባባ ጂም ዝምታዬ ገባቸው መሰለኝ፣ አልተጫኑኝም። ለእነሱ ግን ይህች ቃል ትልቅ ናት። መልክ የሌለው አምላክ ሥዕልና ሐውልት አይቀረጽለትም። ጉርድዋራ ሲገቡ የሚሰግዱት ለመጽሐፉ ነው፤ ያም ቢሆን መጽሐፉ አምላክ ስለሆነ ሳይሆን ጉሩ፣ አስተማሪ፣ ስለሆነ ነው። ከ1708 ጀምሮ ሰው የሆነ ጉሩ የላቸውም፣ መጽሐፉ ነው ጉሩው።

"እንግዲህ አምላክ ይህ ከሆነ" አሉኝ፣ "የምለብሰው ነገር እሱን ምን ይጨምርለታል? ምንም። የምለብሰው ለእሱ አይደለም።"

ለማን ነው ታዲያ? ለዚህ መልሱ በሌላ ታሪክ መጣ፣ ያውም እንደገና በክሩ። ናናክ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1675፣ ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር ዴልሂ ውስጥ አንገታቸው ተቀላ። ሲኮች እንደሚተርኩት ከካሽሚር የመጡ የሂንዱ ሊቃውንት ያኔ ህንድን ይገዛ በነበረው በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን ሃይማኖታችሁን ቀይሩ ተብለው ተጨንቀው ነበር። ጉሩው ስለ እነሱ ቆሙና ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ጃኔኡ የሚያስሩ ናቸው! የመጀመሪያው ጉሩ አላስርም ያሉትን ክር፣ ዘጠነኛው ሌሎች እንዲያስሩት ሞቱለት። ባባ ጂ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም ልብስ ማጠቤን ትቼ ተቀመጥኩ። ጉሩው የእሳቸውን ክር አልጠበቁም፣ የሌላውን ሰው ምርጫ ነው የጠበቁት። "ጠላትነት የለበትም" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማን ያስረዳኛል?

ልጃቸው ጎቢንድ ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥረኛው ጉሩ ሆኖ በ1699፣ በቫይሳኪ በዓል ቀን፣ አናንድፑር ላይ ሕዝቡን ሰበሰበ። ሰይፍ መዝዞ ራሱን የሚሰጠኝ ማን ነው አለ። አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ። ከላሆር፣ ከሃስቲናፑር፣ ከድዋርካ፣ ከጃጋናት ፑሪ፣ ከቢዳር የመጡ፣ ከፍ ያለ ወገንም ዝቅ ያለ ወገንም ያለባቸው ናቸው። በብረት ሳህን ውሃና ስኳር በሰይፍ ተማስሎ "አምሪት" ተባለ፤ ከአንዱ ሳህን ጠጡ። ከዚያ ጉሩው ራሱ ተንበርክኮ ከእነሱ እጅ ተቀበለ። ከተለያየ ወገን የመጣ ሰው ከአንድ ሳህን መጠጣት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ለእኛ ለመገመት ይከብዳል።

ባባ ጂ ልዩነቱን ያሳዩኝ እዚህ ላይ ነው። ጃኔኡ ሰውን ይከፍል ነበር፦ ይሄ ያስራል፣ ያ አያስርም፣ ሴት አታስርም። አምስቱ ነገሮች ግን አምሪት ለጠጣ ሁሉ አንድ ናቸው፣ ለወንድም ለሴትም። በተወለዱበት ቤት አይመጡም። ሰው አስቦ፣ ቃል ገብቶ ነው የሚቀበላቸው። ብዙ ሲክ አምሪት አልጠጣም፤ የባባ ጂ ልጅ እንኳ ገና ነኝ ይላል።

አምስቱም በፑንጃቢ በ"ከ" ድምፅ ይጀምራሉ። ኬሽ ያልተቆረጠ ፀጉር ነው። ይህን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚለበስ አይደለም፤ የተሰጠህን እንደተሰጠህ መተው ነው። ካንጋ የእንጨት ማበጠሪያው ነው። በዚያ ዘመን ዓለምን የናቁ መናንያን ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ ያሳድጉ ነበር። ሲክ ግን ያሳድጋል፣ ደግሞም በቀን ሁለቴ ያበጥራል፣ ምክንያቱም ከዓለም አልወጣም፤ ሚስት አለው፣ እርሻ አለው። ማበጠሪያዋም ከጥምጣሙ ሥር በፀጉሩ ቋጠሮ ውስጥ ተሰክታ ትውላለች። ጥምጣሙ ራሱ፣ ይሄ ለእኔ አዲስ ነበር፣ ከአምስቱ አይቆጠርም። ካቼራ እስከ ጭን የሚደርስ በገመድ የሚታሰር የውስጥ ሱሪ ነው። ስለሱ ባባ ጂ "ራስን መግዛት" ብለው አለፉት፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ካራ አምባሩ ነው። ብረት ነው እንጂ ወርቅ አይደለም። ባባ ጂ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ብር ስቆጥር ካራዬ ጠረጴዛውን ቀጭ ሲያደርግ እሰማው ነበር አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

ኪርፓን፣ ጩቤዋ፣ ግን አከራከረችን። ፍርሃትና ጠላትነት የሌለበትን አምላክ የሚያመልክ ሰው ጩቤ ምን ያደርግለታል? ስሙ "ኪርፓ"፣ ምሕረት፣ ከሚለው ይመጣል አሉኝ፤ ክብርም አለበት። ከዚያ የቴግ ባሃዱርን ቃል ጠቀሱልኝ፦ ጠቢብ ማንንም አያስፈራም፣ ማንንም አይፈራም። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ኪርፓኑ ተራ ቢላ ነው ይላሉ። እሺ አልኩ፣ ግን በሙሉ ልቤ አይደለም። በህንድ የአገር ውስጥ በረራ ስለቱ ከ6 ኢንች ካልበለጠ ይዘውት ይሳፈራሉ፣ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ግን አይፈቀድም። ባባ ጂ ካናዳ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ሻንጣ ውስጥ አስገብተው ላኩት። "መንገዱን ሁሉ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ አልወደድኩትም" አሉ።

ይህን ስናወራ የልጅ ልጃቸው ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ወጣ። ፀጉሩን ዘመናዊ ቁርጥ ተቆርጧል፣ ካራው ግን እጁ ላይ አለ። እዚህ እንዲህ ያለ ወጣት ብዙ ነው። ባባ ጂ በጣሪያው ጫፍ በኩል አዩትና ምንም አላሉም። ፀጉራቸውን ማበጠር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ከጫፉ ወደ ላይ።

ከዚያ በድንገት "ስትሞቱ ክሩን ያወጡታል?" ብለው ጠየቁኝ። የሲክ አምስቱ ነገሮች ሲሞት አይወጡም፣ ከአካሉ ጋር እሳት ውስጥ ይገባሉ። መልሱን እርግጠኛ ሆኜ አልነገርኳቸውም። ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ከባዕድ አገር፣ በዚያ ሰዓት፣ ስለ ሞት ብጠይቃት እስከ ነገ ድረስ እንቅልፍ አይወስዳትም።