«ጨምሩ» የምትለዋ ቃል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአንዲት የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ጋር ነበርኩ። እህቴ ለበዓል የምትሠራውን ዶሮ ወጥ በስልክ ቀርፃ ሰጠችኝ፤ ትረካውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም አሠራሁት።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ «ለገና» የሚለው ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ማሽኑ «ና»ን አላልቶ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው አነበበው። ደጋግሜ ሞክሬ አልሆን ሲለኝ «ለልደት በዓል» ብዬ ቀየርኩት።

ትልቁ ሥራ ግን ድምፁን ከምስሉ ማገጣጠም ነበር። «ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ በርበሬውን ጨምሩ» የሚለው 4 ሰከንድ ይፈጃል። በምስሉ ላይ ግን የእህቴ እጅ በርበሬውን የሚጨምረው ንባቡ በጀመረ በ1ኛው ሰከንድ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ጨምሩ» ሲባል በርበሬው ከገባ 3 ሰከንድ አልፎታል! ንባቡን ባፈጥነው ትንፋሽ ያጠረው ሰው መሰለ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለየብቻ አስነብቤ፣ ይሄኛውን 3 ሰከንድ አስቀደምኩት። አሁን ንባቡ ሽንኩርቱ ሲማሰል ይጀምርና «ጨምሩ» ሲል በርበሬው ድስቱ ውስጥ ይወርዳል። እህቴ አይታው «እንደገና ክፈተው» አለችኝ።