ሦስቱም እውነት ሲሆኑ

ዛሬ ማታ የእህቴ ልጅ የሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የመልመጃ ጥያቄ ይዛ መጣች። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከጮቄ ተራራ የሚነሱ ወንዞች ሁሉ ዓባይ ይገባሉ። ጨሞጋ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ጨሞጋ ከጮቄ ይነሳል። ሙግቱ ቫሊድ ነው ወይስ አይደለም?» እሷ ቫሊድ ነው ብላለች፤ ምክንያቷም «ጋሼ፣ ሦስቱም እውነት ናቸው እኮ» የሚል ነበር። ደብረ ማርቆስ ላደገ ልጅ ጨሞጋ ከየት እንደሚነሳ መጠየቅ አያስፈልገውምና አልፈረድኩባትም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚያጠምደው በዚሁ በኩል ነው፦ መደምደሚያውን አስቀድመን ስለምናውቀው፣ ከመነሻዎቹ የተገኘ ይመስለናል።

ቫሊድነት የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገሮቹ እውነት መሆናቸውን ሳይሆን፣ መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን የሚችልበት መንገድ መኖር አለመኖሩን ነው። ይህን ለመፈተሽ የሙግቱን ቅርጽ ሳይነኩ ስሙን ብቻ መለወጥ ይበቃል። በጨሞጋ ምትክ ጀማን እንድትጽፍ ነገርኳት። ከጮቄ የሚነሱት ሁሉ ዓባይ ይገባሉ፤ ጀማም ዓባይ ይገባል፤ ስለዚህ ጀማ ከጮቄ ይነሳል። ጀማ ግን የሰሜን ሸዋ ወንዝ ነው። ሁለቱም መነሻዎች እውነት እንደሆኑ መደምደሚያው ሐሰት ወጣ፤ ስለዚህ ያ ቅርጽ በጨሞጋም ጊዜ ቢሆን ቫሊድ አልነበረም።

ስህተቱ ያለው «ዓባይ የሚገባ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ጮቄንና ጨሞጋን ማገናኘት የነበረበት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ከሁለቱ መነሻዎች አንዱም ስለ ዓባይ ገባሮች በሙሉ የሚናገረው ነገር የለም። አንባቢው ግን የመጀመሪያውን መነሻ ሳያስበው ይገለብጥና «ዓባይ የሚገቡ ሁሉ ከጮቄ ይነሳሉ» እንደተባለ አድርጎ ይወስደዋል። ይህ የተገለበጠው ዓረፍተ ነገር በመነሻነት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ጀማ የተባለው ሙግት ቫሊድ ይሆን ነበር፤ መነሻውም መደምደሚያውም ሐሰት ቢሆኑም እንኳ። ልጅቷ በጣም የተቸገረችው እዚህ ላይ ነው። ቫሊድ የሆነ ሙግት ሐሰትን ሊደመድም እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ጉድለቱ የሚፈለገው ከመነሻዎቹ እንጂ ከቅርጹ እንዳልሆነ ደጋግሜ አስረዳኋት።

የዚህ መፈተሻ ወሰኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ማፍረሻ ምሳሌ ከተገኘ ሙግቱ ቫሊድ አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ ፈልገን ስናጣ ግን ቫሊድ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ምናልባት የፈለግንበት ቦታ ጠቦ ይሆናል።

ደብተሯን ስታጥፍ፣ «እንግዲያው ጨሞጋ ከጮቄ አይነሳም ልበል?» አለችኝ። ይህም ራሱን የቻለ ሕጸጽ ነው፤ ሙግቱ ስለፈረሰ መደምደሚያው ሐሰት አይሆንም። ጨሞጋ ከጮቄ ይነሳል፤ ያን የሚያረጋግጠው ግን ውኃውን ሽቅብ ተከትሎ ምንጩን ማየት ነው፣ ዓባይ መግባቱ አይደለም።